የውሃ ፌዝ ዲያግራም

የውሃ ፌዝ ዲያግራም ውሃ በየትኛው ሙቀትና በየትኛው ግፊት በረዶ፣ ፈሳሽ ወይም እንፋሎት ሆኖ እንደሚገኝ የሚያሳይ ግራፍ ነው። «ፌዝ» የሚለው ቃል አንድ ቁስ ያለበትን መልክ፣ ማለትም ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ መሆኑን ያመለክታል። ብዙ ሰው ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ተምሯል። ከግራፉ እንደሚታየው ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት በባሕር ጠለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የመቅለጫው ቁጥር ከቦታው የማይነቃነቅ ያህል ሲሆን የመፍያው ቁጥር ግን በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

## ሁለቱ ዘንጎች

በግራፉ አግድም ዘንግ ላይ ሙቀት፣ በቋሚው ዘንግ ላይ ደግሞ ግፊት ይጻፋል። ስለዚህ በግራፉ ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ አንድ ሙቀትና አንድ ግፊት ያለው ሁኔታ ነው። ነጥቡ በየትኛው ክልል ውስጥ እንደወደቀ በማየት ውሃው በዚያ ሁኔታ ምን መልክ እንደሚኖረው ይታወቃል።

ግፊት በፓስካል ይለካል። በባሕር ጠለል ላይ መደበኛው የአየር ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን ይህ መጠን 1 አትሞስፌር ይባላል።

መጽሐፍ ላይ የሚታየውን ግራፍ ሲያነቡ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የቋሚው ዘንግ አከፋፈል ነው። አስፈላጊዎቹ ግፊቶች ከ1 ኪሎፓስካል በታች ጀምረው ከ22,000 ኪሎፓስካል በላይ ስለሚደርሱ፣ በእኩል ርቀት ቢከፋፈሉ የታችኛው ክፍል ጨርሶ አይታይም። በዚህ ምክንያት ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ በሎጋሪዝም ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ካለፈው 10 እጥፍ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ግራፍ ላይ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ራስ ዳሸን ጫፍ ያለው የአየር ግፊት ልዩነት አንድ ጣት የማይሞላ ስፍራ ይይዛል። ሌሎች መጻሕፍት ደግሞ ያለ ሚዛን በእጅ የተሳለ ንድፍ ያትማሉ። ንድፉ የመስመሮቹን ቅርጽ ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ቁጥር ሊነበብበት አይገባም።

## ሦስቱ ክልሎችና ሦስቱ መስመሮች

ግራፉ በሦስት መስመሮች በሦስት ክልሎች ይከፈላል። በግራ በኩል፣ ሙቀቱ ዝቅተኛ በሆነበት፣ በረዶ አለ። በቀኝ በኩል ከታች፣ ሙቀቱ ከፍ ግፊቱ ዝቅ ባለበት፣ እንፋሎት አለ። በሁለቱ መካከል ወደ ላይ የሚሰፋው ክልል የፈሳሹ ነው።

በክልሎቹ ውስጥ ውሃው አንድ መልክ ብቻ ይኖረዋል። በመስመር ላይ ግን ሁለት መልኮች ጎን ለጎን ሳይጠፋፉ ይኖራሉ። በረዶንና ፈሳሽን የሚለየው የመቅለጫ መስመር ነው። ፈሳሽንና እንፋሎትን የሚለየው የመፍያ መስመር ነው። ሦስተኛው በረዶንና እንፋሎትን ይለያል፤ በዚህ መስመር በኩል የሚያልፍ በረዶ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ እንፋሎት ይሆናል። ቡናን በበረዶ አድርቆ ፈጣን ቡና የሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በዚህኛው መንገድ ነው፤ የተጨመቀውን ቡና ካቀዘቀዙት በኋላ አየሩን በፓምፕ እየመጠጡ በረዶው ሳይቀልጥ እንዲተን ያደርጋሉ።

ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ሦስትዮሽ ነጥብ ይባላል። በዚያ ነጥብ በረዶ፣ ፈሳሽና እንፋሎት ሦስቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሙቀቱ 0.01 ዲግሪ፣ ግፊቱ ደግሞ 0.61 ኪሎፓስካል ነው። ከዚህ ግፊት በታች ፈሳሽ ውሃ የሚረጋበት ሙቀት የለም። የማርስ የአየር ግፊት በአማካይ ከዚህ መጠን ጋር የተቀራረበ በመሆኑ በዚያ ፕላኔት ገጽ ላይ የሚፈስ ውሃ ማግኘት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የመፍያው መስመር በሌላኛው ጫፉ 374 ዲግሪና 22,064 ኪሎፓስካል ላይ ሲደርስ ያበቃል። ይህ ወሳኝ ነጥብ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ፈሳሽና እንፋሎት የሚለያዩበት ድንበር የለም።

## በግራፉ ላይ መጓዝ

ግራፉን ለማንበብ ቀላሉ መንገድ በጣት መስመር መከተል ነው። ጣትን በ101.3 ኪሎፓስካል ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እናስቀምጥና ወደ ቀኝ እንጓዝ። ይህ ማለት በባሕር ጠለል ላይ ያለን በረዶ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው። ጣቱ በበረዶው ክልል ውስጥ ሄዶ 0 ዲግሪ ላይ የመቅለጫውን መስመር ይነካል። እዚህ ላይ ቴርሞሜትሩ ይቆማል። እሳቱ ቢቀጥልም ሙቀቱ አይጨምርም፤ ምክንያቱም የሚገባው ሙቀት ሁሉ በረዶውን ለማቅለጥ ይውላል። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ያስፈልጋል። የመጨረሻው በረዶ ካለቀ በኋላ ጣቱ ወደ ፈሳሹ ክልል ይገባና እስከ 100 ዲግሪ ይጓዛል። እዚያም ቴርሞሜትሩ እንደገና ይቆማል፤ በዚህኛው መስመር ላይ ግን ለ1 ግራም የሚያስፈልገው 2,257 ጁል ስለሆነ ቆይታው በጣም ይረዝማል። ውሃ ለመፍላት ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ ከፈላ በኋላ ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ እጅግ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዞው ወደ ጎን ብቻ መሆን የለበትም። ሙቀቱን ሳንነካ ግፊቱን ብቻ በመቀነስ ወደ ታች መጓዝም ይቻላል። ይህን መርፌ በሌለው የሕክምና ሲሪንጅ ማየት ይቻላል። እስከ ሲሶው ድረስ 60 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቅ ውሃ ይሳብና አየሩ ከወጣ በኋላ ጫፉ በጣት ይደፈናል። ከዚያ ዘንጉ ወደ ኋላ በኃይል ሲጎተት ውሃው ያለ ምንም እሳት ይንፈቀፈቃል። 60 ዲግሪ ላይ የመፍያው መስመር የሚገኘው በ20 ኪሎፓስካል ከፍታ ስለሆነ፣ በሲሪንጁ ውስጥ ያለው ግፊት ከዚያ በታች ሲወርድ ጣታችን መስመሩን ተሻግሯል ማለት ነው። ቀድሞ ያልፈላ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች በውሃው ውስጥ የሟሟ አየር ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል።

## የመቅለጫው መስመር

በግራፉ ላይ የመቅለጫው መስመር ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። በትክክል ሲታይ ግን ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል። የአብዛኞቹ ቁሶች መስመር ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የውሃ ግን ተቃራኒ ነው። ምክንያቱ በረዶ ከቀለጠበት ውሃ ይልቅ በ9 በመቶ ገደማ ሰፊ ቦታ መያዙ ነው። ግፊት ሲጨምር ውሃው ጠባብ ወደሆነው መልኩ ይገፋል፤ ጠባቡ ደግሞ ፈሳሹ ነው። በዚህ የተነሳ የተጨመቀ በረዶ ከ0 ዲግሪ በታችም ሊቀልጥ ይችላል።

ዝንባሌው ግን እጅግ ትንሽ ነው። የመቅለጫውን ነጥብ በ1 ዲግሪ ብቻ ለማውረድ ከ130 አትሞስፌር በላይ ተጨማሪ ግፊት ያስፈልጋል። በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚንሸራተቱት የጫማቸው ስለት በረዶውን በግፊት ስለሚያቀልጠው ነው የሚለው የቆየ ማብራሪያ የማያጠግበውም ለዚህ ነው፤ ያ ግፊት በጣም ቀዝቃዛ በሆነ ቀን በረዶውን ለማቅለጥ አይበቃም። ንድፎች ይህን ዝንባሌ ሆን ብለው አጋነው ይስሉታል፤ ያለዚያ ዓይን አያየውም።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከባሕር ጠለል ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ የአየር ግፊቱ በሩብ አትሞስፌር ይቀንሳል፣ የበረዶው መቅለጫ ግን በ0.002 ዲግሪ ብቻ ይለወጣል። ተራ ቴርሞሜትር ይህን ሊያይ አይችልም። በረዶ በየትኛውም ከተማ በ0 ዲግሪ ይቀልጣል ቢባል ስህተት የለውም።

## የመፍያው መስመር

የመፍያው መስመር በአንጻሩ ተኝቶ ተነሥቶ የሚወጣ ጥምዝ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለመረዳት መፍላት ምን ማለት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ፈሳሽ ውሃ በማንኛውም ሙቀት ሞለኪውሎችን ወደ ላይ ይለቃል። ውሃው በተዘጋና አየር በሌለው ዕቃ ውስጥ ከሆነ የወጡት ሞለኪውሎች ተከማችተው የዕቃውን ግድግዳ ይገፋሉ። በመጨረሻ የሚወጣውና የሚመለሰው ሲተካከል የሚለካው ግፊት የውሃው የእንፋሎት ግፊት ይባላል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ብዙ ሞለኪውሎች ለማምለጥ የሚያስችል ጉልበት ስለሚያገኙ ይህ ግፊት በፍጥነት ያድጋል። የመፍያው መስመር የዚህ የእንፋሎት ግፊት መዝገብ ነው። ከመስመሩ ላይ የተነበቡ ጥቂት ዋጋዎች እነሆ፦

| ሙቀት (በዲግሪ ሴልሺየስ) | የእንፋሎት ግፊት (በኪሎፓስካል) |
|---|---|
| 20 | 2.3 |
| 60 | 19.9 |
| 85 | 57.9 |
| 92 | 75.7 |
| 100 | 101.4 |
| 120 | 198.7 |

አሁን በምድጃ ላይ የተጣደ ክዳን የሌለው ድስት እናስብ። በድስቱ ግርጌ ትንሽ የእንፋሎት አረፋ ሊፈጠር ቢሞክር ከላይ አየሩ ውሃውን ተጭኖታል። በአረፋው ውስጥ ያለው የእንፋሎት ግፊት ከአየሩ ግፊት ካነሰ አረፋው ወዲያው ይጨፈለቃል። ውሃ ከመፍላቱ በፊት የሚሰማው የማጉረምረም ድምፅ ከእነዚህ ከሚጨፈለቁ አረፋዎች የሚመጣ ነው። የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ጋር ሲተካከል ግን አረፋው ሳይጠፋ አድጎ ወደ ላይ ይወጣል። መፍላት ይህ ነው። ስለዚህ የመፍያውን ሙቀት የሚወስነው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚጫነው አየርም ነው። አየሩ ቀለል ባለ ቁጥር አረፋው በዝቅተኛ ሙቀት ያሸንፋል።

የመፍያው መስመር ከመቅለጫው ይህን ያህል የሚለየው በስፋት ለውጡ ነው። 1 ግራም ውሃ እንደ ፈሳሽ 1 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል፤ በባሕር ጠለል ላይ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ግን 1.7 ሊትር ያህል ይሞላል። ኤሚል ክላፔይሮን በ1834 የቀመረው፣ ሩዶልፍ ክላውዚየስ ደግሞ በ1850 ያጸናው ቀመር የማንኛውንም መስመር ቁልቁለት እንዲህ ይሰጣል፦

```
dP/dT = L / (T · ΔV)
```

በቀመሩ L መልክ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ T ከፍጹም ዜሮ የሚቆጠረው ሙቀት፣ ΔV ደግሞ የስፋት ለውጡ ነው። ሲቀልጥ የስፋት ለውጡ ትንሽ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲፈላ ለውጡ ግዙፍ ስለሆነ መስመሩ ይጋደማል። የተጋደመ መስመር ደግሞ ግፊቱ ጥቂት ሲወርድ ሙቀቱን ብዙ ይጎትተዋል።

## አዲስ አበባ ላይ ሲሰላ

ከፍታ ሲጨምር ከበላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ትገኛለች ብንል፣ በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ መሠረት በዚህ ከፍታ ያለው ግፊት 76 ኪሎፓስካል ነው። አሁን በግራፉ ቋሚ ዘንግ ላይ 76ን ፈልገን ወደ ቀኝ ብንጓዝ የመፍያውን መስመር በ92 ዲግሪ ላይ እንነካለን።

ግራፍ በእጅ ከሌለ ያንኑ ከቀመሩ ማውጣት ይቻላል። ለጠባብ የሙቀት ክልል የክላፔይሮን ቀመር ወደዚህ ይቀየራል፦

```
ln(P2/P1) = −(L/R) · (1/T2 − 1/T1)
```

P1 የባሕር ጠለሉ ግፊት 101.3 ሲሆን T1 መፍያው 373.15 ኬልቪን ነው። L ለ1 ሞል ውሃ 40,700 ጁል፣ R ደግሞ 8.314 ስለሆነ L/R 4,895 ይመጣል። የ76 ለ101.3 ሎጋሪዝም −0.287 ነው። ይህን ለ4,895 አካፍለን ከ1/373.15 ጋር ስናስተካክል 1/T2 0.002739 ይሆናል። T2 እንግዲህ 365.1 ኬልቪን፣ ማለትም 92 ዲግሪ ነው።

በዚሁ መንገድ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ፣ ወደ 4,550 ሜትር ገደማ፣ ግፊቱ 57 ኪሎፓስካል ስለሚሆን ውሃ በ85 ዲግሪ ይፈላል። በአፋር ዳሎል አካባቢ፣ መሬቱ ከባሕር ጠለል በታች በሆነበት፣ መፍያው ከ100 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። በቃል ለመያዝ የሚመቸው ግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል የሚለው ነው። ለአገራችን ከተሞች ይህ ግምት ይበቃል፤ እጅግ ከፍ ላሉ ተራሮች ግን ጥቂት ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ንብረት መተግበሪያዎች ለአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ የሆነ ግፊት ያሳያሉ፤ 1,000 ሄክቶፓስካል 100 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ቁጥር ከተማዋ በባሕር ጠለል ላይ ብትሆን ኖሮ ይኖራት የነበረው ግፊት ነው። የተለያየ ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች አየር ለማነጻጸር ሲባል የተስተካከለ ነው። ያንን ይዞ ግራፉን ያነበበ ሰው 100 ዲግሪ አካባቢ ያገኛል። ለግራፉ የሚያስፈልገው በቦታው ላይ በባሮሜትር የተነበበው፣ ያልተስተካከለው ግፊት ነው።

## ቴርሞሜትሩ ነው ወይስ ውሃው?

አዲስ አበባ በሚገኝ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ተማሪ ውሃ አፍልቶ 92 ዲግሪ ቢያነብ ሦስት ነገር ሊጠረጥር ይችላል፦ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ ውሃው ንጹህ አይደለም፣ ወይም ግፊቱ ነው። መጽሐፉ 100 ስለሚል መዝገቡ ላይ 100 ብሎ የመጻፍ ፈተናም አለ።

ግራፉ ራሱ መለያውን ይሰጣል። የመቅለጫው ነጥብ በከፍታ ስለማይለወጥ ቴርሞሜትሩ መጀመሪያ በበረዶ ይፈተናል። በረዶ በደቃቁ ተፈጭቶ ከጥቂት ንጹህ ውሃ ጋር ይቀላቀልና ቴርሞሜትሩ በመሃል ተነክሮ እየተማሰለ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። 0 ዲግሪ ካነበበ በዚያ ጫፍ ትክክል ነው። ከዚያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ ይነከራል። በበረዶው 0፣ በፍሌቱ 92 ካነበበ መሣሪያውም ሙከራውም ደህና ናቸው። በበረዶው 3 ዲግሪ፣ በፍሌቱ 95 ካነበበ ግን ልዩነቱ አሁንም 92 ስለሆነ ቴርሞሜትሩ በሁሉም ቦታ 3 ዲግሪ ጨምሮ እንደሚያሳይ ይገመታል። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ዕቃ ውስጥ ልክ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ነው ሊያጠራጥር የሚገባው።

የውሃው ንጽሕና ይህን ልዩነት ሊያመጣ አይችልም። የሟሟ ጨው የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል እንጂ አያወርድም፤ ከፍ የሚያደርገውም ጥቂት ነው። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ግራም ጨው ቢጨመር ለውጡ ከ0.2 ዲግሪ አይበልጥም።

## ድስቱ ላይ

ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ምግብ ከሚፈላው ውሃ በላይ ሊሞቅ አይችልም። ስለዚህ ደጋ ላይ ባቄላና ቦሎቄ ለመብሰል የሚቆዩት እሳቱ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ውሃው ከ92 ዲግሪ ስለማያልፍ ነው። እሳት መጨመር አይረዳም። 1 ኪሎዋት ሙቀት ወደ ውሃው የሚያስገባ ምድጃ ከፍሌቱ በኋላ በሰዓት 1.6 ሊትር ገደማ ያተናል፤ ሁለት እጥፍ ቢደረግ ሁለት እጥፍ ያተናል እንጂ ቴርሞሜትሩን ወደ ላይ አይገፋውም። የሚባክነው ማገዶው ነው።

ክዳንስ? 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ድስት ላይ 1 ኪሎ የሚመዝን ክዳን ቢደፋ የሚጨምረው ግፊት 0.3 ኪሎፓስካል ነው። በ92 ዲግሪ አካባቢ መፍያውን በ1 ዲግሪ ለማንሣት 2.8 ኪሎፓስካል ስለሚያስፈልግ ክዳኑ የሚያስገኘው 0.1 ዲግሪ ብቻ ነው። ክዳን የሚጠቅመው እንፋሎቱ እንዳይባክን በማድረግና ማገዶ በመቆጠብ ነው።

ግፊቱን በእውነት የሚለውጠው በግፊት የሚያበስለው ድስት፣ ፕሬዠር ኩከር የሚባለው ነው። ብዙዎቹ ድስቶች ቫልቫቸው የሚከፈተው የውስጡ ግፊት ከውጩ አየር በ100 ኪሎፓስካል ገደማ ሲበልጥ ነው። «ከውጩ ሲበልጥ» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጅቡቲ ላይ ጠቅላላው ግፊት 201 ኪሎፓስካል ይሆንና ውሃው 120 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ግን 76 እና 100 ተደምረው 176 ኪሎፓስካል ይሆናሉ፤ ከግራፉ ሲነበብ 116 ዲግሪ ነው። ያም ሆኖ ከ92 ወደ 116 መዝለል የባቄላውን ሰዓት በእጅጉ ያሳጥራል።

ይኸው ስሌት በጤና ተቋም ውስጥ ከባቄላ የከበደ ትርጉም አለው። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው ኦቶክሌቭ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ121 ዲግሪ ሲሆን ለዚህ 205 ኪሎፓስካል ጠቅላላ ግፊት ያስፈልጋል። ለባሕር ጠለል የተጻፈ መመሪያ በመለኪያው ላይ 103 ኪሎፓስካል ገደማ ሲታይ ሰዓት መቁጠር ይጀመር ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ንባብ 179 ኪሎፓስካል ጠቅላላ ግፊት ነው፤ ሙቀቱም ከ117 ዲግሪ አይዘልም። 121 ለመድረስ መለኪያው 129 ማሳየት አለበት፤ መሣሪያው ያንን ግፊት እንዲሸከም መሠራቱን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ግድ ነው። በሙቀት መለኪያ የሚቆጣጠሩ ኦቶክሌቮች ይህ ችግር የለባቸውም።

ለመጠጥ ውሃ ማፍላትን በተመለከተ 92 ዲግሪም በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል።

## ግራፉ የማይናገረው

ፌዝ ዲያግራሙ ውሃው ረግቶ ሲቀመጥ የሚኖረውን መልክ ያሳያል፤ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አይናገርም። በጣም ንጹህ ውሃ ሳይነቃነቅ ከ0 ዲግሪ በታች ወርዶ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በማይክሮዌቭ የሞቀ ውሃም የመፍያውን ነጥብ አልፎ ጸጥ ካለ በኋላ ማንኪያ ሲገባበት በድንገት ሊገነፍል ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ግራፉ አልተሳሳተም፤ የመጀመሪያው ቅንጣት በረዶ ወይም የመጀመሪያው አረፋ የሚጀምርበት ምክንያት ጠፍቶ ነው።

ሌላው ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ የልብስ ጉዳይ ነው። ግራፉ ላይ 20 ዲግሪና 76 ኪሎፓስካል በፈሳሹ ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ ታዲያ የተሰጣ ልብስ እንዴት ይደርቃል? መልሱ ግራፉ የተሳለው ለንጹህ ውሃ ብቻ መሆኑ ነው። በግራፉ ላይ ያለው ግፊት ውሃው ከራሱ እንፋሎት ጋር ብቻ ተዘግቶ ሲኖር የሚለካ ነው። በውጭ ያለው 76 ኪሎፓስካል ግን አብዛኛው የናይትሮጅንና የኦክስጅን ነው፤ በውስጡ ያለው የውሃ እንፋሎት ድርሻ በደረቅ ቀን ምናልባት 1 ኪሎፓስካል ቢሆን ነው። በ20 ዲግሪ ያለ ውሃ የእንፋሎት ግፊት ደግሞ 2.3 ነው። የአየሩ ድርሻ ከ2.3 እስካነሰ ድረስ ከልብሱ የሚወጣው ሞለኪውል ከሚመለሰው ይበልጣልና ውሃው ቀስ እያለ ከገጹ ይተናል። ነገር ግን አይፈላም፤ በውሃው ውስጥ አረፋ ሊፈጠር የሚችለው 76ቱን ሙሉ ግፊት መቋቋም ሲችል ነውና። በክረምት፣ ድርሻው ወደ 2.3 ሲጠጋ፣ ያው ልብስ በዚያው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ተሰጥቶ እርጥብ ሆኖ ያመሻል።